ሻካራውን አስተያየት ስናለዝብ፦ የቱን በቀጥታ፣ የቱን በተዘዋዋሪ?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በየመሥሪያ ቤቱ ስለሚያጋጥም አንድ የጽሑፍ ሥራ ነው። አንድ አለቃ በጀማሪ ሠራተኛ ሥራ ይናደድና ስሜቱ ሳይበርድ አስተያየት ይጽፋል። ጽሑፉ እንዳለ ለሠራተኛው ቢደርስ እንደሚጎዳ የሰው ሀብት ክፍሉ ያያል። ከዚያ ለአንድ ባልደረባ ተሰጥቶ «እስቲ ይህን አለዝበህ ጻፈው» ይባላል። ወረቀቱን የተቀበለው ሰው የቱን ነገር ፊት ለፊት ይናገር? የቱንስ ዘወር አድርጎ ይግለጸው? የምንነጋገረው ስለዚህ ምርጫ ነው።

በምሳሌ እንየው። ሰዎቹን ለዚህ ዝግጅት ስንል የፈጠርናቸው ናቸው፤ ሥራው ግን በየሂሳብ ክፍሉ ያለ ነው። በአንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሐምሌ ላይ የተቀጠረች ጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛ አለች እንበል። ዋናው ሥራዋ በየወሩ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ማዘጋጀት ነው። ድርጅቱ በመዝገቡ የያዘውን ሂሳብ ባንኩ በስቴትመንት ከላከው ጋር ታመሳክራለች፤ ልዩነት ካለም ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ ታሳያለች። የአንዱ ወር ማስታረቂያ በሚቀጥለው ወር በ8ኛው ቀን ለአለቃዋ መድረስ አለበት። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አለቃዋ እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«ሠራተኛዋ ፍጹም ግዴለሽ ናት። ማስታረቂያውን አንድ ቀን እንኳ በጊዜው አምጥታ አታውቅም። ያመጣችውም በስህተት የተሞላ ነው። ደጋግሜ ብነግራትም አይገባትም። ለሂሳብ ሥራ የምትሆን አይመስለኝም።»

ይህን እንዲያለዝብ የታዘዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ምን መሰላችሁ? «በጥቅሉ ጥሩ እየሠራሽ ነው። ሆኖም አንዳንድ ክፍተቶች ይስተዋላሉ። ማስታረቂያው ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስና ጥንቃቄ ቢታከልበት መልካም ነው። በርቺ።» ቁጣው ጠፍቷል። ከቁጣው ጋር ግን መልእክቱም አብሮ ጠፍቷል። ልጅቱ ይህን አንብባ የምትረዳው ሥራዋ ደህና መሆኑን፣ ቢቻል ደግሞ ትንሽ ብትፈጥን እንደሚሻል ነው። ከሁለት ወር በኋላ በምዘናዋ ላይ «ከሚጠበቀው በታች» የሚል ስታይ ትደነግጣለች። «ማን ነገረኝ?» ብትል እውነቷን ነው፤ የነገራት የለም።

ስህተቱ የሚመጣው ሻካራነትንና ቀጥተኝነትን እንደ አንድ ነገር ከማየት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በቢሮ ስብሰባ ላይ «አንዳንድ ሰዎች ደሞዝ ሲሆን ቀኑን አይረሱም» ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ አለቃ ስም አልጠራም፤ ነገሩን የተናገረው በተዘዋዋሪ ነው። ግን አሽሙር ነውና ከስድብ ይብሳል። በአንጻሩ «የኅዳር ማስታረቂያ ሰባት ቀን ዘግይቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ፍጹም ቀጥተኛ ሆኖ ሳለ ማንንም አያቆስልም። ስለዚህ ለማለዘብ ብለን ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የለብንም። መጀመሪያ የሚያቆስለውን ነቅሰን ማውጣት ነው፤ ቀጥሎ የቀረውን ምን ያህል ቀጥተኛ እንደምናደርገው እንወስናለን።

የሚያቆስለው የቱ ነው? አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ስለ ሥራ አስተያየት በየጊዜው ከተደረጉ ጥናቶች የተገኙ 607 ውጤቶችን አንድ ላይ መረመሩ። አስተያየት መስጠት በአማካይ ሥራን ያሻሽላል። ነገር ግን ከሲሶ በሚበልጡት ላይ የሰዎቹ ሥራ ከአስተያየቱ በኋላ ጭራሽ ቀንሶ ተገኘ። ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ ለኛ ጉዳይ ቀጥታ ይጠቅማል፦ አስተያየቱ የሰውየውን ሐሳብ ከሥራው ነቅሎ ወደ ራሱ ማንነት በወሰደው መጠን ጥቅሙ ይቀንሳል። «ግዴለሽ ነሽ» የተባለች ሠራተኛ ስለ ቼኮቹ አታስብም። የምታስበው ግዴለሽ ስለመሆኗና አለመሆኗ ነው።

እንግዲህ አለቃዋ የጻፏቸውን አምስት ዓረፍተ ነገሮች በዚህ ዓይን እንያቸው። ግን ብዕር ከማንሳታችን በፊት አንድ ሥራ አለ። ጸሐፊውን ሦስት ጥያቄ መጠየቅ አለብን፦ ምን ሆነ? መቼ? ምን መሆን ነበረበት? ለእነዚህ መልስ ሳይዙ የሌላውን ሰው ቁጣ ማለዘብ ፍሬ የለውም፤ ባዶውን ነገር በጨዋ ቃል መሸፈን ይሆናል። አለቃዋ ሲጠየቁ ፋይሉን አወጡ። የመስከረም ማስታረቂያ ጥቅምት 8 በሰዓቱ፣ ያለ ስህተት ደርሷል። የጥቅምቱ ኅዳር 8 መድረስ ሲገባው ኅዳር 13 ነው የመጣው። የኅዳሩ ደግሞ ታኅሣሥ 8 ቀርቶ ታኅሣሥ 15 ደረሰ። በኅዳሩ ላይ 48,500 ብር ገቢ 45,800 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ገና ያልተመነዘሩ ሁለት ቼኮችም ሁለት ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል።

አሁን «አንድ ቀን እንኳ በጊዜው አምጥታ አታውቅም» የሚለውን ተመልከቱት። ውሸት ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ቃል ሲከፋ ሲከፋ የአለቃውን ጉዳይ ራሱን ያበላሻል። ልጅቱ የመስከረሙን አውጥታ ብታሳይ ክርክሩ በዚያ ላይ ይሆንና የሁለቱ ወር መዘግየት ይረሳል። «ሁልጊዜ» እና «በጭራሽ» የሚሉ ቃላት ረቂቅ ላይ ሲገኙ በቀንና በቁጥር መተካት አለባቸው። ይህን ስናደርግ ዓረፍተ ነገሩ ከበፊቱ ይልቅ ቀጥተኛ ይሆናል፤ ሻካራነቱ ግን ይቀንሳል። «በስህተት የተሞላ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ስህተቶች በስማቸው ይጠሩ።

«ፍጹም ግዴለሽ ናት» የሚለው ሙሉ በሙሉ ይወጣል። የሚወጣው ጨዋ ስላልሆነ ብቻ አይደለም። አለቃዋ ያዩት የዘገየ ወረቀት ነው፤ ግዴለሽነቱን ግን ራሳቸው ገምተው ነው። ለምን እንደዘገየ አያውቁም። የማናውቀውን ነገር በቀጥታ የመናገር መብት የለንም። እዚህ ላይ ነው ተዘዋዋሪው አነጋገር ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው። ምክንያትን በሚመለከት በጥያቄ እንናገራለን፤ በሩን ክፍት እንተዋለን፦ «ምን እንዳዘገየው ከአንቺ መስማት እፈልጋለሁ።»

«ደጋግሜ ብነግራትም አይገባትም» የሚለው ስለ ራሳቸው ስለ አለቃዋ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። እንዴት ነበር የነገሯት? ሲጠየቁ «ማስታረቂያው ደረሰ ወይ እያልኩ እጠይቃት ነበር» አሉ። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም ይባላል። ሃያ ዓመት የሠራ የሂሳብ ባለሙያ «ማስታረቂያው ደረሰ ወይ?» ሲባል ወቀሳ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል። ይህም ከብልህነቱ ይልቅ ከልምዱ የመጣ ነው። 8ኛው ቀን ለምን እንደተቀጠረ፣ ቢያልፍ የማን ሥራ እንደሚቆም፣ አለቃው መቼ እንደሚጠይቅ ሁሉ ያውቃል። ተዘዋዋሪ ንግግር የሚሠራው ተናጋሪውና ሰሚው የሚያውቁት ነገር አንድ ሲሆን ነው። ጀማሪ ሠራተኛ ይህ እውቀት ገና የላትም። ለእሷ «ደረሰ ወይ?» ጥያቄ ነው፤ «ገና ነው» ብላ ትመልሳለች። ለዚህ ነው ለጀማሪ የሚጻፍ አስተያየት ለነባር ከሚጻፈው የበለጠ ግልጽ መሆን ያለበት፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ስለምናዝንላት በተቃራኒው እናደርጋለን።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ለሂሳብ ሥራ የምትሆን አይመስለኝም» ይላል። ይህ በአምስት ወር ሥራ ላይ የዕድሜ ልክ ፍርድ ነው። ይወጣል። ነገር ግን ውስጡ አንድ እውነተኛ ነገር አለ፦ አለቃዋ ሥራው በዚሁ ከቀጠለ የሚከተል ነገር እንዳለ ማሳወቅ ፈልገዋል። ያ ነገር ተለይቶ በቀጥታ መነገር አለበት። ሊመጣ ያለውን ነገር ደብቆ «በርቺ» ማለት ርኅራኄ ሊመስል ይችላል፤ ግን ሠራተኛዋ ራሷን የምታስተካክልበትን ጊዜ ይቀማታል።

በአማርኛ ቀጥተኝነትን የምናላላባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ሁለቱን በጥንቃቄ እንያቸው። አንደኛው ሠሪውን መደበቅ ነው። «መዝግበሻል» በማለት ፋንታ «ተመዝግቧል» እንላለን። ይህ ያለፈን ስህተት ለመግለጽ ጥሩ ነው። ሥራው ይታያል፣ ጣት መቀሰሩ ይቀራል፣ ማን እንደሠራውም ሁለቱም ያውቃሉ። ስለ ወደፊቱ ስንናገር ግን ሠሪውን መደበቅ አደጋ አለው። «ማስታረቂያው በጊዜው እንዲደርስ ይደረጋል» ስንል ማን ነው የሚያደርገው? እዚያ ላይ «ታደርሺያለሽ» ወይም «ማድረስ ይጠበቅብሻል» መባል አለበት። ያለፈው በተደራጊ፣ የሚመጣው በአድራጊ ቢጻፍ አስተያየቱ ሳያቆስል ግልጽ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ግዴታን ወደ ምኞት መቀየር ነው። «ቀደም ብሎ ቢደርስ ጥሩ ነበር» ስንል ትእዛዙ ምርጫ ይሆናል። በእርግጥ ምርጫ በሆነ ነገር ላይ ይህ አነጋገር ትክክል ነው። ለምሳሌ ማስታረቂያውን ስትሠራ ከገቢዎቹ ትጀምር ወይስ ከቼኮቹ የሚለው የራሷ ጉዳይ ነው፤ «ከቼኮቹ ብትጀምሪ ይቀልሻል» ይባላል። ቀኑ ግን ምርጫ አይደለም። «ትንሽ»፣ «አንዳንድ»፣ «ምናልባት» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ሰባት ቀን ዘግይቶ «ትንሽ ዘግይቷል» ማለት መለኪያውን ራሱን መቀየር ነው።

ስለ አጠራርም አንድ ነገር ልጨምር። በይፋ ደብዳቤ «እርስዎ» ማለት የተለመደ ነውና ማንንም አያስከፋም። ፊት ለፊት ሲሆን ግን ሁልጊዜ «አንቺ» የምትባለውን ልጅ በድንገት «እርስዎ» ማለት አክብሮት መሆኑ ይቀርና ፊት መንሳት ይሆናል። በቃል በሚነገር አስተያየት የተለመደው አጠራር ሳይለወጥ ቢቀጥል ይሻላል።

እንግዲህ ተስተካክሎ የተጻፈውን ላንብብላችሁ። አለቃዋ ብቻዋን ጠርተው የሚነግሯትና በእጇ የሚሰጧት ማስታወሻ ነው።

«የመስከረም ማስታረቂያ በቀኑ፣ ያለ ስህተት ደርሷል። የጥቅምቱ ኅዳር 8 መድረስ ሲገባው ኅዳር 13፣ የኅዳሩ ታኅሣሥ 8 መድረስ ሲገባው ታኅሣሥ 15 ደርሷል። በኅዳሩ ላይ 48,500 ብር 45,800 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሁለት ያልተመነዘሩ ቼኮችም ሁለት ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል። የእነዚህ ሁለት ወሮች ሥራ ከሚጠበቀው በታች ነው። ምን እንዳዘገየውና ስህተቶቹ እንዴት እንደተፈጠሩ ከአንቺ መስማት እፈልጋለሁ። የታኅሣሡን ማስታረቂያ እስከ ጥር 8 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ታደርሺልኛለሽ። ጥር 4 ረቂቁን ይዘሽ ነይ፤ አብረን እናየዋለን። የታኅሣሥና የጥር ማስታረቂያዎች በቀናቸውና ተመሳክረው ካልደረሱ፣ በየካቲቱ ምዘና ‘ከሚጠበቀው በታች’ ብዬ እመዘግባለሁ።»

የቃላቱን አሰላለፍ አስተውሉ። የመስከረሙ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ለማባበል አይደለም። ሥራውን በትክክል መሥራት እንደምትችል የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ «ምን ተለወጠ?» የሚለውን ጥያቄም ይወልዳል። ፍርዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሁለት ወር ሥራን ይመለከታል እንጂ ልጅቱን አይደለም። መሐል ላይ አንድ ክፍት በር አለ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኑ፣ እርዳታውና የሚከተለው ነገር ሁሉም ቀጥተኛ ናቸው።

ያ ክፍት በር ምን ይጠቅማል? በምሳሌያችን ልጅቱ ስትጠየቅ፣ የመስከረም ወር የባንኩ ስቴትመንት ጥቅምት 2 እንደደረሳት፣ ከዚያ ወዲህ ግን የሚያመጣው ሠራተኛ ስለተቀየረ በ9ኛውና በ10ኛው ቀን እንደሚደርሳት ተናገረች። ማስረከቢያዋ 8ኛው ቀን ነው። አለቃዋ ይህን አያውቁም ነበር። «ግዴለሽ» የሚለው ቃል ሳይወጣ ቢቀር ኖሮ ልጅቱ ራሷን ስትከላከል ይህ መረጃ አይወጣም ነበር፤ ቢወጣም ማስመሰያ ይባል ነበር። ስለዚህ ማስታወሻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨመረ፦ «ስቴትመንቱ በ3ኛው ቀን እንዲደርስሽ አደርጋለሁ፤ ካልደረሰሽ በዚያው ዕለት ትነግሪኛለሽ።»

ግን የስቴትመንቱ መዘግየት የቁጥሩን ስህተት አይገልጸውም። ስለ ቁጥሩ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ቀጥተኛ እንደሆነ ይቆያል። ይልቁንም ስህተቱ በስሙ ስለተጠራ ማስተማር ተቻለ። በ48,500 እና በ45,800 መካከል ያለው ልዩነት 2,700 ነው። ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠር ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ 2,700 ለ9 ሲካፈል 300 ነው። ለ9 የሚካፈል ልዩነት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ማለት ባይሆንም፣ የሂሳብ ሰዎች መጀመሪያ የሚፈትሹት ፍንጭ ነው። «ጥንቃቄ ይታከልበት» ብለን ብንጽፍ ኖሮ ይህን የምናሳይበት ቦታ አይኖርም ነበር።

እስካሁን ያየነው ለሁለተኛ ጊዜ የተደገመ፣ ገንዘብ ያለበት ጉዳይ ነው። ሁሉም ጉዳይ እንዲህ አይደለም። የመጀመሪያው መዘግየት ኅዳር 13 ላይ እንደታየ ቢሆን ኖሮ፣ «ቀኑ 8 እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? ምን አጋጠመሽ?» ማለት ይበቃ ነበር። ለመጀመሪያና ለቀላል ስህተት ላላ ያለ አነጋገር ተገቢ ነው፤ ሰሚው ስህተቱን ራሱ እንዲያርም ዕድል ይሰጣል። ነገሩ ከተደገመ፣ ገንዘብ ወይም የሰው ደኅንነት ካለበት፣ ወይም በላላ አነጋገር ተነግሮ ካልተሰማ ግን ቀጥተኛው ይመረጣል።

ጊዜ ሲያጥርም እንዲሁ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ያለን ሠራተኛ በፍንጭ እያናገርን ሃምሳውን ቀን ካሳለፍን፣ የሚታረምበትን ጊዜ የጨረስነው እኛ ነን። ከሙከራ ጊዜ በኋላም የሥራ ችሎታ መቀነስ፣ የኅብረት ስምምነት ሌላ ካላለ በስተቀር፣ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ እንዳለበት አዋጁ ይደነግጋል። በየምዘናው «ጥሩ ነው፣ አንዳንድ ክፍተቶች አሉ» ሲባል የኖረ ሠራተኛ አንድ ቀን «ችሎታ የለህም» ቢባል፣ ወረቀቱ የሚመሰክረው ለሠራተኛው ነው። ለስላሳ ሐሰት ሠራተኛውንም ድርጅቱንም ይጎዳል።

አለዝበን የጻፍነው ነገር ሠርቷል ወይስ አልሠራም? የሚታወቀው በቀላሉ ነው። ንግግሩ ሲያበቃ «ከአሁን በኋላ ምን እንደምናደርግ አንዴ ንገሪኝ» ማለት ነው። ልጅቱ «ጥር 4 ረቂቁን፣ ጥር 8 የተጠናቀቀውን አመጣለሁ» ካለች ገብቷታል። «እሺ፣ እጠነቀቃለሁ» ብቻ ካለች በጣም ለዝቧል፤ ቀኑና ሥራው አልደረሳትም። «እኔን ስለማይወዱኝ ነው» የሚል ስሜት ከተነበበባት ደግሞ ስለ ማንነቷ የሚናገር ቃል የሆነ ቦታ ቀርቷል ማለት ነውና ጽሑፉን መልሶ ማየት ያስፈልጋል።

ጥር 8 አልፎ ማስታረቂያው ባይመጣስ? የሚቀጥለው ጽሑፍ ከዚህኛው የበለጠ አጭር ይሁን እንጂ የበለጠ ሻካራ አይሁን። የተባለው ቀን፣ የሆነው ነገርና አስቀድሞ የተነገረው ውጤት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይቀመጣሉ። ክፍቱ በር አንዴ ተሰጥቷል፤ ስቴትመንቱም በ3ኛው ቀን ደርሷታል። በዚያ ጊዜ መጠየቅ የሚያስፈልገው አዲስ ምክንያት መኖሩን ብቻ ነው።

እናንተም እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን ድረስ ይህን ሞክሩት። አንድ አለቃ ስለ ጀማሪ የመጋዘን ሠራተኛ «ልቡ እዚህ የለም፤ የዕቃ ቆጠራውን ሁልጊዜ ያዛባል» ብሎ ጽፏል እንበል። ከማለዘባችሁ በፊት አለቃውን የምትጠይቁትን ጻፉ። ቀጥሎ የትኛው ክፍል እንደሚወጣ፣ የትኛው በቁጥር እንደሚተካ፣ የትኛው ወደ ጥያቄ እንደሚለወጥ ለዩ። በሚቀጥለው ጊዜ አብረን እናርመዋለን።